ለውጭ አገር ሆስፒታል በሚላክ የነርስ ሲቪ ላይ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

በነርስነት ካገለገልኩባቸው ዓመታት አብዛኞቹን ያሳለፍኩት እዚሁ ሰሜን ሸዋ በቀዶ ሕክምና ዎርድ ሲሆን፣ በመካከሉ ለጥቂት ዓመታት በአንድ የዓረብ አገር ሆስፒታል ሠርቼ ተመልሻለሁ። ከተመለስኩ ወዲህ ከደብረ ብርሃን፣ ከመሐል ሜዳ፣ ከዓለም ከተማና ከሸዋ ሮቢት ወጣት ነርሶች ሲቪያቸውን ይዘው ይመጡና እንድመለከትላቸው ይጠይቁኛል። ሁሉም የሚጨነቁት ስለ እንግሊዝኛቸው ነው። እኔ ግን በእንግሊዝኛ ስህተት ብቻ የወደቀ ሲቪ አላጋጠመኝም፤ የሚወድቁት የታካሚ ቁጥር፣ የፈቃድና የቀን አጻጻፍ ላይ ነው።

ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ ስህተት የታካሚውን ብዛት ጨርሶ አለመጻፍ ወይም ያለ ማብራሪያ ቁጥር ብቻ ማስቀመጥ ነው። የዚህ ስህተት ምንጭ አብዛኛውን ጊዜ ከሰው የተወሰደ ሲቪ ነው። ነርሷ ጽሕፈት ቤት ትሄዳለች፤ ጸሐፊው ቀደም ሲል ለሌላ ሰው የሠራውን ፋይል ይከፍትና ስሙንና ስልኩን ብቻ ይለውጣል። «ለታካሚዎች ጥራት ያለው የነርስ እንክብካቤ ሰጥቻለሁ፣ መድኃኒት ሰጥቻለሁ፣ የሕይወት ምልክቶችን ለክቻለሁ» የሚሉት ዓረፍተ ነገሮች ሳይነኩ ይቀራሉ። በአንድ ወር ውስጥ ከአንድ ጽሕፈት ቤት የወጡ 3 ሲቪዎች ቀርበውልኝ የሥራ ዝርዝራቸው ቃል በቃል አንድ ሆኖ አግኝቻለሁ፤ ከሦስቱ አንዱ ማዋለጃ ክፍል ሠርቶ የማያውቅ ወንድ ነርስ ሲሆን፣ ሲቪው ግን ድኅረ ወሊድ እናቶችን እንደተከታተለ ይናገር ነበር። ሙቀትና የደም ግፊት መለካት በዓለም ላይ ያለ ነርስ ሁሉ የሚሠራው ስለሆነ ስለ አመልካቹ የሚገልጸው አንዳች ነገር የለም። ቀጣሪው ሊያውቅ የሚፈልገው ሆስፒታሉ ስንት አልጋ እንዳለው፣ ዎርዱ ምን ዓይነት ታካሚ እንደሚቀበል፣ በአንድ ሺፍት ስንት ነርሶች እንደሚመደቡና ለእያንዳንዱ ነርስ ስንት ታካሚ እንደሚደርሰው ነው።

ቁጥር የሚጽፉትም ቢሆኑ ብዙ ጊዜ የሚጽፉት የዎርዱን ቁጥር እንጂ የራሳቸውን አይደለም። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ በሲቪዋ ላይ «በአንድ ሺፍት 32 ታካሚዎችን ተንከባክቤያለሁ» ብላ ላከች። በቪዲዮ ቃለ መጠይቁ ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ «32ቱንም ብቻዎን ነው?» የሚል ሆነ። እሷም በቅንነት ቀን ቀን አራት ነርሶች እንደሆኑ መለሰች፤ ጠያቂዋ ማስታወሻዋን ጽፋ ወደ ሌላ ጥያቄ አለፈች፤ ከዚያ በኋላ የመጣ መልስ አልነበረም። እኔ ዘንድ ስትመጣ «ሲስተር፣ እኔ እኮ አልዋሸሁም፤ አልጋው 32 ነው» አለችኝ። እውነቷን ነበር። ነገር ግን የአልጋ ብዛት ሌላ፣ በነርሷ እጅ ያለው ታካሚ ብዛት ሌላ ነው።

ስለዚህ የርክክብ መዝገቡንና የተረኛ መደቡን አቅርባ የሁለት ሳምንት ሥራዋን እንድትቆጥር አደረግን። የታካሚ ስምም ሆነ የካርድ ቁጥር አልተገለበጠም፤ የተወሰደው በየሺፍቱ መጀመሪያ በዎርዱ የነበሩት ታካሚዎችና ተረኛ የነበሩት ነርሶች ቁጥር ብቻ ነው። በነዚያ 14 ቀናት በዎርዱ የነበሩት ታካሚዎች ከ26 እስከ 31 ነበሩ። ቀን አራት ነርሶች ስለሚመደቡ ለአንዷ ከ7 እስከ 8፣ ሌሊት ሁለት ስለሚሆኑ ከ13 እስከ 16 ታካሚ ደረሳት። ሲቪው በእንግሊዝኛ ቢሆንም ይዘቱ እንዲህ ተብሎ ተስተካከለ፦ «ባለ 32 አልጋ የቀዶ ሕክምና ዎርድ፤ በቀን ሺፍት ከ7 እስከ 8፣ በሌሊት ሺፍት ከ13 እስከ 16 ታካሚዎች በግል ኃላፊነት፤ አብዛኞቹ ከሆድ ቀዶ ሕክምና በኋላ ክትትል የሚያስፈልጋቸው፤ ደም መስጠት፣ የደረት ቱቦና የቁስል ማፍሰሻ ክትትል በመደበኛነት።»

እዚህ ላይ ብዙዎች የማያስቡት ነገር አለ። እኛ ጋ ታካሚውን የሚያጥበው፣ የሚመግበውና የሚያገላብጠው በአብዛኛው አስታማሚው ነው። ይህን የማያውቅ የውጭ አገር ቀጣሪ አንድ ነርስ ሌሊቱን 16 ታካሚ ይዛለች ሲባል ወይ አያምንም፣ ወይም ሥራው በአግባቡ አልተሠራም ብሎ ይደመድማል። በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ግዛት ሕጉ አንድ ነርስ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ከ2፣ በአጠቃላይ የሕክምናና የቀዶ ሕክምና ዎርድ ከ5 ታካሚ በላይ እንዳትይዝ ይከለክላል፤ በእንዲህ ዓይነት ሥርዓት ያደገ አንባቢ የእኛን ቁጥር የሚያነብበው በራሱ ሚዛን ነው። በመሆኑም መሠረታዊ እንክብካቤው በነርስ ቁጥጥር ሥር በቤተሰብ እንደሚሰጥ አንድ አጭር ሐረግ መጨመር ይገባል። ቁጥሩን አሳንሶ መጻፍም መፍትሔ አይደለም፤ ማጣቀሻ የሆነችው ሜትሮን ስትጠየቅ የምትናገረው እውነተኛውን ነው።

ሁለተኛው ከባድ ስህተት የዞሩበትን ክፍል ሁሉ «ልዩ ሙያዬ» ብሎ መደርደር ነው። በሆስፒታሎቻችን ነርስ ከዎርድ ወደ ዎርድ ስለሚዛወር፣ አምስት ዓመት የሠራ ሰው ሕፃናትን፣ ድንገተኛን፣ ቀዶ ሕክምናን፣ ጽኑ ሕሙማንንና የቲቢ ክሊኒክን ሁሉ አዳርሶ ሊሆን ይችላል። ሁሉንም በእኩል ሲጽፋቸው አንባቢው የየትኛው ባለሙያ እንደሆነ ማወቅ ያቅተዋል። የውጭ ሆስፒታል የሚቀጥረው ለተወሰነ ክፍል ስለሆነ፣ ረጅም ጊዜ የቆዩበትን አንዱን ክፍል ከነወራቱ በስፋት ይጻፉ፤ ሌሎቹን በአንድ መስመር ያስቀምጡ። በድንገተኛና ጽኑ ሕሙማን፣ በጨቅላ ሕፃናት ወይም በቀዶ ጥገና ክፍል ነርስነት በዲግሪ የተመረቁ ከሆነ ግን ይህ በትምህርት የተገኘ ልዩ ሙያ እንጂ የዝውውር ውጤት ስላልሆነ ከሥራ ልምዱ ተለይቶ በትምህርት ማስረጃው ሥር ይጻፍ።

ይህን የምለው ራሴም ስለተሳሳትኩ ነው። በመጀመሪያው ሲቪዬ ላይ በጽኑ ሕሙማን ክፍል የሠራሁትን አራት ወር ተመርኩዤ «የመተንፈሻ መሣሪያ አያያዝ» ብዬ ጽፌ ነበር። እርግጥ ነው መሣሪያው አጠገብ ቆሜያለሁ፤ አክታ መምጠጥንም ሠርቻለሁ፤ የሚያስተካክለው ግን ሐኪሙ ወይም የማደንዘዣ ባለሙያው ነበር። ጠያቂው የከፍተኛ ግፊት ማንቂያ ቢጮህ በምን ቅደም ተከተል እንደማጣራ ሲጠይቀኝ ከአክታ መከማቸት በቀር የምለው አጣሁ። ቱቦው መታጠፉን፣ ታካሚው መንከሱን፣ የአየር ቧንቧ መጥበብንና በደረት ውስጥ የአየር መጠራቀምን መጥቀስ ነበረብኝ። ዛሬ ለሚመጡልኝ የምሰጠው መመዘኛ ቀላል ነው፦ ከጻፉት እያንዳንዱ ክህሎት ሥር «ችግር ሲፈጠር ብቻዬን ምን አደርጋለሁ?» ብለው ይጠይቁ፤ መልስ ከሌለ «በክትትል ሥር ረድቻለሁ» ብለው ይጻፉት።

ስለ ሙያ ፈቃድ ሲጻፍ «ፈቃድ ያለኝ ነርስ» ማለት በቂ አይደለም። የሰጠው አካል፣ የፈቃዱ ቁጥር፣ የሙያ ደረጃው፣ መጀመሪያ የተሰጠበት ቀንና የሚያበቃበት ቀን በገጹ የላይኛው ክፍል መስፈር አለባቸው። አንድ ልጅ ከ2009 ጀምሮ ሠርቶ በሲቪው ላይ የጻፈው ግን በ2014 የታደሰለትን ፈቃድ ቀን ብቻ ነበር፤ አንባቢው አምስት ዓመት ያለ ፈቃድ ሠርቷል ብሎ ቢያስብ ምን ይፈረድበታል? የመጀመሪያውን ምዝገባና እድሳቱን ለየብቻ መጻፍ ያስፈልጋል። እንደዚሁም የፕሮሜትሪክን ወይም የኤንክሌክስን ፈተና ማለፍ ፈቃድ ማግኘት ስላልሆነ፣ ፈተናው በፈተና፣ ፈቃዱ በፈቃድ ርዕስ ሥር ይቀመጥ። ከምረቃ በፊት የተሠራ የተግባር ልምምድም በሥራ ልምድ ውስጥ አይቆጠርም።

ከዚህ ጋር የተያያዘው የዘመን አቆጣጠር ጉዳይ ትንሽ ይመስላል፤ ሰውን ያስለቀሰው ግን እሱ ነው። ብዙዎች በዓመተ ምሕረቱ ላይ በጅምላ 8 ወይም በጅምላ 7 ይደምራሉ። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ድረስ የሚደመረው 7 ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ነው፤ ከዘመነ ሉቃስ ቀጥሎ በሚመጣው ዓመት ብቻ መለወጫው በአንድ ቀን ቀድሞ ታኅሣሥ 22 ላይ ይውላል። ኅዳር 6 ቀን 2009 የተቀጠረና ጥር 30 ቀን 2014 የለቀቀ ነርስ በፈረንጆቹ ከኖቬምበር 15 ቀን 2016 እስከ ፌብሩዋሪ 7 ቀን 2022 ሠርቷል ማለት ነው፤ አምስት ዓመት ከሦስት ወር ሊሞላው ቀናት ብቻ ይቀሩታል። ለሁለቱም 8 ከደመረ መነሻው 2017 ይሆንና አንድ ሙሉ ዓመት ይጠፋበታል። የተተረጎመው የሥራ ልምድ ደብዳቤ በአንድ ዓመት፣ ሲቪው በሌላ ዓመት ሲጀምር፣ ለባሕረ ሰላጤው አገሮች ማስረጃ የሚያጣራው ዳታፍሎው ልዩነቱን እንደ አለመጣጣም ይመዘግበዋል፤ ያንን ለማስተካከል የሚደረገው መመላለስ ወራት ሊወስድ ይችላል።

በስምዎ ፊት «ሲስተር» ብለው አይጻፉ፤ እኛ ጋ ሴት ነርስ ሁሉ ሲስተር ናት፣ በእንግሊዝ ግን የዎርድ ኃላፊነት ማዕረግ ነው። የስም አጻጻፍ ደግሞ ፊደል በፊደል እንደ ፓስፖርቱ ይሁን፤ በዲግሪው ላይ በሌላ ፊደል ተጽፎ ከሆነ ከማመልከትዎ በፊት ዩኒቨርሲቲው ዘንድ ሄደው የአንድነት ደብዳቤ ያውጡ።

በመጨረሻ የሥራ ልምድ ደብዳቤውን ሳይቀበሉ ሲቪ አይጨርሱ። ከሰው ሀብት ክፍል የሚወጣው የተለመደው ደብዳቤ የሥራ መደብ፣ ደመወዝና ቀን ብቻ ይይዛል፤ የትኛው ዎርድ እንደሠሩ አይናገርም። ሲቪው «አራት ዓመት በቀዶ ሕክምና» እያለ ደብዳቤው «ነርስ» ብቻ ካለ የሚያረጋግጥልዎ ወረቀት የለም። የዎርዱ ስምና በዚያ የቆዩበት ጊዜ እንዲገባ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ሰው ሀብት ይህን መዝግቦ ካልያዘ፣ ከሜትሮን ቢሮ የዎርድ ምደባዎን የሚገልጽ ተጨማሪ ደብዳቤ በማኅተምና በሆስፒታሉ ኢሜይል አድራሻ አስወጥተው ከመጀመሪያው ጋር ያያይዙት።