የደንበኛ ውጤት ስንለጥፍ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ጎንደር ላይ ለገስት ሃውሶች የፌስቡክና የቴሌግራም ፔጅ እይዛለሁ። አዲስ ደንበኛ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ "እስካሁን ለማን ምን ሠራህ?" ነው፣ እዛ ላይ ነው እንግዲህ ብዙዎቻችን የምንቀባጥረው።

ትልቁ ስህተት የበዓሉን ገበያ የራስ ማድረግ ነው። እኔም ሠርቼዋለሁ። ፒያሳ አካባቢ 9 ክፍል ያላት ገስት ሃውስ ፔጅ ይዤ ነበር፣ ታኅሣሥ ላይ 8 ቡኪንግ ገባ፣ ጥር ላይ 20፣ እኔም ሳልውል ሳላድር "በአንድ ወር ቡኪንግ በ150 ፐርሰንት ጨመርን!" ብዬ ለጠፍኩት። ሂሳቡ እንኳን ልክ ነው። የቤቱ ባለቤት ግን አይተውት ደወሉና "ልጄ፣ ጥር 11 እኮ ጥምቀት ነው፣ አንተ ባትኖርም ቤቴ ይሞላል" አሉኝ። አፈርኩ። ሄጄ መዝገባቸውን ሳይ ያምናው ጥር 17 ነበር፣ ስለዚህ ልዩነቱ 3 ቡኪንግ ብቻ ነው፣ እሱም በኔ ይሁን በሌላ አይታወቅም።

ከዛ ወዲህ ጥርን ከታኅሣሥ ጋር ሳይሆን ካምናው ጥር ጋር ነው የማወዳድረው (ፋሲካ ግን ቀኑ ስለሚቀያየር ወር ከወር ማወዳደሩም ይሸውዳል)። ደግሞ ሪሴፕሽን ላይ ያለችው ልጅ ለሚደውል ሁሉ "የት አገኙን?" ብላ ጠይቃ መልሱን ከቡኪንጉ ጎን ትጽፋለች። ያለዚህ ምንም ማለት አይቻልም።

ሌላው ትንሽ ቁጥርን በፐርሰንት መደበቅ ነው። ከ2 ወደ 6 የሄደን ነገር "200 ፐርሰንት አደገ" ማለት ውሸት ባይሆንም ሰሚው በጭንቅላቱ ሌላ ነገር ነው የሚስለው፣ ቁጥሩን እንዳለ ጻፈው በቃ።

የደንበኛን ሜሴጅ ስክሪንሾት ቆርጦ መለጠፍም አለ። "ፎቶው አሪፍ ነው፣ ግን መልስ ትዘገያላችሁ" ያለውን ሰው "ግን" ላይ ቆርጠህ ከለጠፍከው ያላለውን ነው ያስባልከው። ሳታስፈቅድም አትለጥፍ፣ ስሙንና ስልኩን ሸፍን።

"በጎንደር ቁጥር 1" የሚለውንማ ተወው፣ ማን ቆጥሮ? የማስታወቂያ አዋጁም (759/2004) አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል።

የኔ ፖስት አሁን እንዲህ ይላል፦ "ፒያሳ ያለች ባለ 9 ክፍል ገስት ሃውስ፣ የካቲት ላይ 11 ቡኪንግ፣ 4ቱ በቴሌግራም አይተን ነው ያሉ፣ በባለቤቷ ፈቃድ የተለጠፈ።" አዎ፣ እንደ 150 ፐርሰንቱ አያስጮህም፣ ላይኩም ቀንሷል። ባለፈው ግን አንድ የአዘዞ ሰው ደውሎ "በቴሌግራም መምጣታቸውን በምን አወቅህ?" ሲለኝ የእንግዶቹን ስም ሸፍኜ የመዝገቡን ገጽ ፎቶ ላኩለት፣ ሌላ ጥያቄ አልነበረውም፣ ዋጋ ብቻ ጠየቀኝ።