የላዛኛው ፎይል መቼ ይነሳ?

ላዛኛ ላዩ ቀልቶ መሃሉ ቀዝቃዛ የሚሆነው ብዙ ጊዜ ሳይከደን ኦቨን ስለሚገባ ነው። ቺዙ ቶሎ ይቀላል፣ የፓስታው ጠርዝ ይደርቃል፣ ሙቀቱ ግን ገና መሃል አልደረሰም። ስለዚህ በፎይል ሸፍናችሁ በ190 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ40 ደቂቃ አብስሉት። ፎይሉ ቺዙን እንዳይነካ ወጠር ይበል፤ አለዚያ ሲነሳ ቺዙን ይዞት ይሄዳል። ከዚያ ገልጣችሁ 15 ደቂቃ ጨምሩለት። ከፍሪጅ በቀጥታ የወጣ ከሆነ ተሸፍኖ የሚቆይበትን ጊዜ በ20 ደቂቃ ያህል አርዝሙት።

ጠርዙ መንተክተኩ አያታልላችሁ። የምግብ ቴርሞሜትር መሃሉ ላይ ስትሰኩ፣ የመጋገሪያውን ታች ሳይነካ፣ 74 ዲግሪ ማሳየት አለበት። ካወጣችሁት በኋላ ደግሞ 15 ደቂቃ ይረፍ። ወዲያው ከተቆረጠ ሶሱ ይፈስሳል፣ ንብርብሩም ይንሸራተታል።