ዲሲቲ ከፎሪየር ለምን ይሻላል? ደጋግሜ የምሰማቸው የተሳሳቱ መልሶች

በቅርቡ የአንድ ተማሪን የመመረቂያ ሥራ ከሚገመግሙት አንዱ ነበርኩ። ልጁ ጎበዝ ነው። የራሱን ትንሽ ጄፔግ ከባዶ ጽፎ፣ ሠርቶለት ነው የመጣው። «ለምን ዲስክሪት ኮሳይን ትራንስፎርም፣ ማለትም ዲሲቲ? ተራውን ዲስክሪት ፎሪየር ብትጠቀም ምን ይጎድልሃል?» አልኩት። «ፎሪየር ኮምፕሌክስ ቁጥር ስለሚሰጥ ቦታው እጥፍ ይሆናል» አለኝ። አጠገቤ የተቀመጡት ገምጋሚዎችም ራሳቸውን ነቀነቁ።

ይህን መልስ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አላውቅም። እኔም ብዬዋለሁ። ለሁለት ዓመት ያህል ለጀማሪዎች ሳስረዳ የነበረው ይህንኑ ነው። ስህተት ነው።

«ፎሪየር ኮምፕሌክስ ስለሆነ እጥፍ ቦታ ይወስዳል»

እስቲ እንቁጠር። 8 ፒክስል ለዲስክሪት ፎሪየር ትራንስፎርም፣ ማለትም ለዲኤፍቲ፣ ስንሰጠው 8 ኮምፕሌክስ ቁጥር ይመልሳል። ሲያዩት 16 ቁጥር ይመስላል። ግን ፒክስል ምናባዊ ክፍል የሌለው ሪል ቁጥር ስለሆነ፣ 5ኛው፣ 6ኛውና 7ኛው ውጤት የ3ኛው፣ የ2ኛውና የ1ኛው ግልባጭ ናቸው። አዲስ ነገር የላቸውም። 0ኛውና 4ኛው ደግሞ ምናባዊ ክፍል የላቸውም። የሚቀረው 2 ሪል ቁጥርና እያንዳንዳቸው ሁለት ቁጥር የሚይዙ 3 ኮምፕሌክስ ነው። በድምሩ 8። 8 ገባ፣ 8 ወጣ። እጥፍ የሚባል ነገር የለም።

ጄፔግ ምስሉን 8 በ8 ፒክስል በሆኑ ብሎኮች ከፋፍሎ ነው የሚሠራው። እውነተኛው ምክንያት ያለው ብሎኩ ጠርዝ ላይ ነው። ዲኤፍቲ የሰጠነውን ቁራጭ የሚያየው እንደ ነጠላ ጥለት ነው። ያው ቁራጭ ከግራም ከቀኝም እየተደጋገመ እንደሚቀጥል ይቆጥራል። ስለዚህ የመጨረሻው ፒክስል ጎረቤት የመጀመሪያው ፒክስል ይሆናል። ብሎኩ በግራ ጨለም ብሎ በቀኝ የሚደምቅ ከሆነ፣ መጋጠሚያው ላይ ምስሉ ውስጥ የሌለ ዝላይ ይፈጠራል። ያንን ዝላይ ለመግለጽ ደግሞ ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲዎች ሁሉ ይጠራሉ።

ዲሲቲ ቁራጩን በመስታወት ነው የሚቀጥለው። «ሀ ለ ሐ መ» ካለ ቀጥሎ «መ ሐ ለ ሀ» ይመጣል። መጋጠሚያው ላይ እኩል የሆኑ ሁለት ፒክስሎች ይገናኛሉ። ዝላይ የለም። የሚቀረው የአቅጣጫ መታጠፍ ብቻ ነው። ልዩነቱ የሚታየው ፍሪኩዌንሲው ሲጨምር ቁጥሮቹ በሚያንሱበት ፍጥነት ላይ ነው። k የፍሪኩዌንሲው ቁጥር ይሁን፤ ዝላይ ሲኖር ቁጥሮቹ የሚያንሱት በ1/k ያህል ነው። መታጠፍ ብቻ ሲሆን ግን በ1/k² ያህል ይወርዳሉ።

በቁጥር እንየው። ከሰማይ ፎቶ ላይ ቀስ እያለ የሚደምቅ አንድ ረድፍ እንውሰድ፦ 100, 110, 120, 130, 140, 150, 160, 170።

```python
import numpy as np
from scipy.fft import dct
x = np.arange(100, 180, 10)
print(dct(x, norm="ortho").round(1))
print(np.fft.rfft(x, norm="ortho").round(1))
```

አማካዩን የሚይዘውን የመጀመሪያ ቁጥር ወደ ጎን እንተወው። ዲሲቲ የሚሰጠን -64.4, 0, -6.7, 0, -2.0, 0, -0.5 ነው። ከአማካዩ ውጭ ካለው ኢነርጂ፣ ማለትም ከቁጥሮቹ ስኩዌር ድምር፣ 98.8 በመቶው አንዲት ቁጥር ላይ ተቀምጧል። ጄፔግ እንደሚያደርገው እያንዳንዱን ለአንድ ቁጥር፣ እዚህ ለ16፣ አካፍለን ወደ ቅርቡ ሙሉ ቁጥር ብናጠጋጋው -4 ብቻ ይተርፋል። ሌሎቹ 6 ዜሮ ይሆናሉ። አማካዩን እንዳለ ይዘን ከዚያች አንዲት -4 ረድፉን መልሰን ብንሠራ፣ አንድም ፒክስል ከ4 በላይ አይሳሳትም።

ወደ ዲኤፍቲው ስንመጣ ሚዛኑን ማስተካከል አለብን። ከግልባጩ ጋር የሚመጣ ቁጥር ሁለት ቦታ ስለሚወክል በ√2 ይባዛል። ይህን ዘልሎ ማወዳደር ራሱን የቻለ ስህተት ነው። ስናስተካክል -20, 48.3, -20, 20, -20, 8.3, -14.1 እናገኛለን። እነዚህንም ለ16 እናካፍልና እናጠጋጋ፦ -1, 3, -1, 1, -1, 1, -1። ሰባቱም ተረፉ። አንዱም ዜሮ አልሆነም።

«ታዲያ ጥቂቶቹን ብቻ እንያዝ» ያለኝ ሰው አለ። ከዲኤፍቲው አማካዩንና ትልቁን ጥንድ፣ ማለትም ሁለት ቁጥር፣ ብቻ ይዘን ረድፉን እንመልሰው። 100 የነበረው የመጀመሪያ ፒክስል 125 ይሆናል። 170 የነበረው የመጨረሻው 145 ይሆናል። ሁለቱ ጠርዞች ወደ መሐል ተስበዋል፤ ዲኤፍቲ ጎረቤት ናችሁ ብሎ ስላጋጠማቸው። ይህ በየብሎኩ ሲደገም ሰማዩ ላይ ፍርግርግ ይታያል።

ናሲር አህመድ፣ ናታራጃንና ራኦ በ1974 ዲሲቲን ሲያሳትሙ ያሳዩትም ይህንኑ ዓይነት ነገር ነው። የአጎራባች ፒክስሎች ዋጋ በጣም ሲቀራረብ፣ ዲሲቲ ካርሁነን-ሎቭ ለሚባለውና በንድፈ ሐሳብ ምርጥ ለሆነው ትራንስፎርም በጣም ይጠጋል። የቁጥሮቹ ሪል መሆን ጥሩ ነገር ነው፤ ምክንያቱ ግን እሱ አይደለም።

የፎሪየሩን ሪል ክፍል ወስዶ ዲሲቲ ነው ማለት

ኮሳይን ብቻ ስለሚይዝ ያው ይመስላል። አይደለም። ከላይ ያለውን ረድፍ በሪል ክፍሉ ብቻ ብትመልሱት 100, 140, 140, 140, 140, 140, 140, 140 ታገኛላችሁ። ድምቀቱ የሚጨምርበት አቅጣጫ የተቀመጠው በምናባዊው ክፍል ነበርና ጠፋ። በፎሪየር በኩል ዲሲቲ ለማግኘት መጀመሪያ 8ቱን ፒክስል በመስታወት 16 አድርጉ። ከዚያ የ16ቱን ፎሪየር ሠርታችሁ የግማሽ ፒክስሉን ፌዝ አስተካክሉ። መስታወቱ የቆመው ፒክስሉ ላይ ሳይሆን በሁለት ፒክስሎች መሐል ስለሆነ ነው ይህ ማስተካከያ የሚያስፈልገው።

ዲሲቲ ራሱ ይጨምቃል ብሎ ማሰብ

ከ8 በ8 ብሎክ 64 ቁጥር ይገባል፣ 64 ቁጥር ይወጣል። ፋይሉን የሚያሳንሰው ቀጥሎ የሚመጣው ማካፈልና ማጠጋጋት፣ ከዚያም የዜሮዎቹ አጠር ብሎ መጻፍ ነው።

128ን ከ `uint8` ላይ መቀነስ

ጄፔግ ከዲሲቲው በፊት ከእያንዳንዱ ፒክስል 128 ይቀንሳል። `uint8` ግን የሚይዘው ከ0 እስከ 255 ብቻ ነው። 100 ሲቀነስ 128 እዚያ ውስጥ -28 አይሆንም፤ 228 ይሆናል። መጀመሪያ ወደ `float` ቀይሩ። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ በዚህ ምክንያት ሙሉ ቀን የዲሲቲ ኮዷን ስትፈትሽ ዋለች። ኮዷ ምንም አልነበረበትም።

ዲሲቲ ሁልጊዜ ያሸንፋል ብሎ መደምደም

የዲሲቲ ብልጫ የሚመጣው ጠርዝ ላይ ያለውን የውሸት ዝላይ በማጥፋቱ ነው። ዝላዩ እውነተኛ ከሆነና ብሎኩ መሐል ከተቀመጠ መስታወቱ አያድነንም። አራት ጊዜ -100፣ ከዚያ አራት ጊዜ 100 ያለበትን ረድፍ ውሰዱ። ዲሲቲ አራት ዜሮ ያልሆኑ ቁጥሮች ይሰጣል፦ -256, 90, -60, 51። ዲኤፍቲም፣ ሚዛኑ ተስተካክሎ፣ አራት ነው የሚሰጠው፦ -100, 241, -100, 41። ሁሉም ለ16 ተካፍለው ይተርፋሉ። እኩል ወጡ።

ነጭ ላይ ያለ ጥቁር ጽሑፍ እንዲህ ባለ ዝላይ የተሞላ ነው። ጄፔግ የሆነ የፊደል ምስል አጉልታችሁ ብታዩ፣ በፊደሎቹ ዙሪያ ትንኝ የመሰለ ነጠብጣብ ታያላችሁ። የተጠጋጉትና የተጣሉት ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲዎች የተዉት ምልክት ነው። የስልክ ስክሪንሾትና የተቃኘ ደብዳቤን በፒኤንጂ አስቀምጡ።