ከፈተና በፊት የልጅዎን ላፕቶፕ አፕዴት ሲያደርጉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የተከበራችሁ ወላጆች፣

ባለፈው ሴሚስተር በፈተና ጠዋት የአንዲት ተማሪ ላፕቶፕ የፈተናውን ፕሮግራም አልከፍትም አላት። ዘግታ ስታስነሳው ስክሪኑ 27% ላይ ቆሞ ቀረ። ደንግጣ የማብሪያውን ቁልፍ ተጭና አጠፋችው። ሲነሳ Undoing changes የሚል ጽሑፍ አወጣና የጀመረውን ሁሉ ወደ ኋላ መመለስ ያዘ። ሃምሳ ደቂቃ ፈጀባት። ልጅቷ አለቀሰች፤ ነገሩ የተበላሸው ግን ከሳምንታት በፊት፣ ቤት ውስጥ ነው።

ቤት ኢንተርኔት የሚመጣው ከአባቷ ስልክ ነበር። ዳታ እንዳይበላ ብለው Metered connection የሚለውን አብርተውታል። ይህ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ እኔም በስልኬ ዳታ ስጠቀም አበራዋለሁ። ግን ዊንዶውስ ያን ጊዜ አብዛኛውን አፕዴት ሳያወርድ ያቆየዋል። የተጠራቀመው ሁሉ ማውረድ የሚጀምረው ላፕቶፑ የትምህርት ቤቱን ዋይፋይ ሲያገኝ ነው፤ ያ ደግሞ የፈተናው ጠዋት ሆነ። ቤት ዳታ የምትቆጥቡ ከሆነ ልጁ ከፈተናው ሳምንት በፊት እኛ ዘንድ ያውርድ።

ሌላው ስህተት ክዳኑን መዝጋት ማጥፋት ነው ብሎ ማሰብ ነው። ክዳኑ ሲዘጋ ላፕቶፑ ይተኛል እንጂ አይጠፋም፤ የወረደው አፕዴት ሥራውን የሚጨርሰው ደግሞ ዳግም ሲነሳ ብቻ ነው። Update and restart የሚለውን ይምረጡ። ከተነሳ በኋላ Settings ውስጥ Windows Update ገብተው Check for updates የሚለውን እንደገና ይጫኑ፤ አንዳንዱ አፕዴት የሚታየው የመጀመሪያው ካለቀ በኋላ ነውና። You're up to date ካለ አበቃ።

ባትሪው የሞተ፣ ከሶኬት ሲነቀል ወዲያው የሚጠፋ ላፕቶፕ ካላችሁ ቤት ባትሞክሩት ይሻላል። መብራት ከሄደ አፕዴቱ መሃል ላይ ይቋረጣል፤ አንዳንዴም ዊንዶውሱ ጭራሽ አልነሳም ይላል። ደህና ባትሪ ያለውንም ቢሆን ሞልታችሁ፣ ቻርጀሩን ሰክታችሁ ጀምሩ። መቶኛው ለረጅም ጊዜ ባይንቀሳቀስ ተበላሸ ማለት አይደለም፤ ቁልፉን አትንኩት።

Pause updates የሚለውን ተጭነው የተገላገሉ የሚመስላቸው ወላጆችም አሉ። ማዘግየት የሚጠቅመው አፕዴቱ ካለቀ በኋላ ነው፤ ያኔ በፈተናው ሳምንት አዲስ ነገር እንዳይመጣ ይከላከላል። ሳያድሱ ያዘገዩ እንደሆነ ግን ጊዜው ሲያልቅ የተጠራቀመውን ሳይጭን ድጋሚ አያዘገይም።

በመጨረሻም ለፈተናው ዋዜማ አታቆዩት። ከአፕዴት በኋላ የፈተናው ፕሮግራም እምቢ ካለ የምናስተካክልበት ቀን ያስፈልገናል። ፈተናው ሰኞ ነው፤ የኮምፒውተር ክፍሉ ሐሙስና ዓርብ ከትምህርት በኋላ እስከ 11 ሰዓት ክፍት ይሆናል። ልጆቹ ቻርጀራቸውን ይዘው ይምጡ።

የኮምፒውተር መምህሩ