ፍሎረሰንት ብልጭ ድርግም እያለ አልበራ ሲል፦ ስታርተሩንና ባላስቱን እንዴት መፈተሽ ይቻላል?

ማብሪያው ሲጫን የቱቦው ሁለት ጫፎች ቀላ ይላሉ፣ ብልጭ ብሎ ይጠፋል፣ እንደገና ብልጭ ይላል። መሃሉ ግን አይያዝም። እንዲህ የሚያደርግ መብራት ገና ሳይከፈት አንድ ትልቅ ነገር እየነገረን ነው፦ መስመሩ አልተቆረጠም። ጫፎቹ የሚግሉት ኤሌክትሪኩ መጠኑን በሚገድበው ባላስት፣ በአንደኛው ጫፍ ፊላመንት ማለትም በሚግለው ቀጭን ሽቦ፣ በስታርተሩና በሌላኛው ጫፍ ፊላመንት በተከታታይ ሲያልፍ ብቻ ነው። ከእነዚህ አንዱ ቢበጠስ ጫፎቹ ጨርሶ አይግሉም ነበር። ስለዚህ ብልጭ የሚል መብራት ላይ «ባላስቱ ተበጥሷል» ብሎ መጀመር ስህተት ነው። ባላስቱ ሊበላሽ ይችላል፣ ብልሽቱ ግን ሌላ ዓይነት ነው። ወደ በኋላ እንመጣበታለን።

እዚህ የምንናገረው ስታርተር ስላለውና ከባድ፣ ባለ ጥቅል ሽቦ ባላስት ስለተገጠመለት የ220 ቮልት መብራት ነው። ስታርተር የሌለው፣ ኤሌክትሮኒክ ባላስት ያለው መብራት በዚህ መንገድ አይፈተሽም።

ብልጭታው ከየት ይመጣል?

በስታርተሩ ጣሳ ውስጥ ጋዝ የተሞላች ትንሽ የመስታወት ብልቃጥ አለች። በውስጧ ሁለት የብረት ጫፎች ሳይነካኩ ተቀምጠዋል፤ አንዱ ሲሞቅ የሚታጠፍ ነው። መብራቱ ሲከፈት ሙሉው 220 ቮልት እነሱ ላይ ያርፋል፣ ጋዙ ይበራል፣ ሙቀቱ ብረቱን አጥፎ ከሌላው ጋር ያገናኘዋል። በዚህ ጊዜ በፊላመንቶቹ ውስጥ ኤሌክትሪክ ያልፍና ይግላሉ። ጫፎቹ ስለተገናኙ ግን ጋዙ ጠፍቷል፤ ብረቱ ይበርድና ይለያያል። በዚያች ቅጽበት ባላስቱ ውስጥ የነበረው የማግኔት ኃይል በድንገት ይፈርስና ብዙ መቶ ቮልት የሚደርስ ምት ይፈጥራል። ቱቦውን የሚለኩሰው ይህ ምት ነው።

ቱቦው ከተለኮሰ በኋላ በሁለቱ ጫፎቹ መካከል የሚቀረው ቮልቴጅ ዝቅተኛ ነው። 1.20 ሜትር ርዝመት ባለው የ36 ዋት ቱቦ 100 ቮልት አካባቢ ይሆናል። ይህ የስታርተሩን ጋዝ ለማብራት ስለማይበቃ ስታርተሩ ይተኛል። ቱቦው ካልተለኮሰ ግን ሙሉው ቮልቴጅ ይመለስና ሥራው ከመጀመሪያው ይጀምራል፤ የምናየው ብልጭ ድርግም ይኸው ነው። አንድ ሁለት ጊዜ ሞክሮ መብራት ጤናማ ነው፤ ብረቶቹ የሚለያዩት ኤሌክትሪኩ ዝቅ ባለበት ቅጽበት ከሆነ ምቱ ደካማ ይሆናል። ያለማቋረጥ ከቀጠለ ግን ያጥፉት። እያንዳንዱ ሙከራ ፊላመንቶቹ ላይ የተቀባውን፣ ቱቦው እንዲለኮስ የሚረዳውን ቅባት ይበላል፤ ደህና የነበረው ቱቦም በዚህ ያልቃል።

ከመንካትዎ በፊት

ማብሪያውን ማጥፋት አይበቃም፣ ብሬከሩን ያውርዱ። ማብሪያው በስህተት ኒውትራሉ ላይ ተገጥሞ ከሆነ ጠፍቶም ቢሆን ፌዙ መብራቱ ውስጥ አለ። በቴስተር ወይም በመልቲሜትር አረጋግጡ ተብሎ የሚነገረው ለዚህ ነው። ባላስቱ ትኩስ ሊሆን ስለሚችል ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ። ቱቦው ሜርኩሪ ስላለበት ከተሰበረ መስኮት ከፍተው ስብርባሪውን በወፍራም ወረቀት ይሰብስቡ እንጂ በኤሌክትሪክ መጥረጊያ አይጥረጉት።

1. ብልጭታውን በዓይን ያንብቡ

ጫፎቹ ሳይቋረጥ እንደጋሉ ከቀሩና ብልጭታ ከሌለ የስታርተሩ ብረቶች ተጣብቀዋል፣ ወይም ውስጡ ያለችው ትንሽ ካፓሲተር ሾርት ሆናለች። ለኤልኢዲ ቱቦ የሚሰጠው የውሸት ስታርተር በስህተት ሲገባም ምልክቱ አንድ ነው፤ ጣሳው ይመሳሰላል፣ ውስጡ ግን ፊውዝ ብቻ ነው።

ቱቦው ሙሉ በሙሉ በርቶ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ እየጠፋ የሚመለስ ከሆነ ሁለት ነገር ይጠርጥሩ፦ ያረጀ ቱቦ ወይም የማይመጥን ስታርተር። ቱቦ ሲያረጅ በጫፎቹ መካከል ያለው ቮልቴጅ እየጨመረ ሄዶ የተኛውን ስታርተር ይቀሰቅሰዋል።

አንዱ ጫፍ ብቻ ከጋለ ቱቦውን ያውጡና ጫፎቹን አቀያይረው ይመልሱት። የማይግለው ጫፍ ከቱቦው ጋር ከዞረ ጥፋቱ የቱቦው ነው፤ በቦታው ከቀረ የዚያ ጫፍ መያዣ ወይም ሽቦ ነው።

መብራቱ የሚያስቸግረው ምሽት ላይ ብቻ ከሆነ ደግሞ ምንም ሳይቀይሩ በዚያ ሰዓት የመስመሩን ቮልቴጅ ይለኩ። ከ190 ቮልት በታች ሲወርድ ጤናማ መብራትም መለኮስ ያቅተዋል። ብርዱ ከ10 ዲግሪ በታች ሲሆንም እንዲሁ።

2. ስታርተሩን ይፈትሹ

ወደ ግራ አንድ አራተኛ ዙር አዙረው ያውጡት። መጀመሪያ በጣሳው ላይ የተጻፈውን ያንብቡ። ከ4 እስከ 65 ዋት የሚለው አንድ ቱቦ ለአንድ ባላስት ለሚሆንበት ነው። ከ4 እስከ 22 ዋት የሚለው ሁለት አጫጭር ቱቦዎች በአንድ ባላስት ላይ ተከታትለው ለሚገጠሙበት ነው፤ በዝቅተኛ ቮልቴጅ ይነሳል። ይህን ሁለተኛውን በ36 ዋት ቱቦ ላይ ቢያስገቡት ቱቦው በርቶ እያለ ይነሳና ያጠፋዋል። አዲስ ስታርተር ተገዝቶም ብልጭታው ሲቀጥል ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይህ ነው።

በመልቲሜትር ኦም መለካት የሚያሳየው ግማሹን ብቻ ነው። ጤናማ ስታርተር ሲተኛ ክፍት ስለሆነ ሜትሩ ምንም አያነብም፤ የተበላሸው ክፍትም ያው ነው። ቁርጥ ያለው መልስ የሚገኘው በአምፖል ነው። ስታርተሩን ከ40 ወይም ከ60 ዋት ባለ ክር አምፖል ጋር በተከታታይ አገናኝተው 220 ቮልት ይስጡት። አምፖሉ ብልጭ ድርግም ካለ ስታርተሩ ይሠራል። ሳይቋረጥ ከበራ ተጣብቋል። ጨርሶ ካልበራ ሞቷል። ኤልኢዲ አምፖል ለዚህ አይሆንም፣ በትንሽ ኤሌክትሪክም እየተብለጨለጨ ያሳስታል። በባዶ ሽቦ ከመሞከር የአምፖል መያዣና የስታርተር መያዣ በእንጨት ላይ አስሮ ማዘጋጀት ይሻላል፤ ከኤሌክትሪክ ጋር ልምድ የሌለው ሰው ግን ይህን ትቶ ሌላ መብራት ላይ በሚሠራ ስታርተር ይለውጠው።

3. ቱቦውን ይፈትሹ

ቱቦውን ሩብ ዙር አዙረው ያውርዱና በእያንዳንዱ ጫፍ ባሉት ሁለት እግሮች መካከል ይለኩ። በ36 ዋት ቱቦ ላይ ጥቂት ኦም ይነበባል፣ ሁለቱም ጫፎች ይቀራረባሉ። ይህ ግን ፊላመንቱ አለመበጠሱን እንጂ ቅባቱ አለማለቁን አያሳይም። ቅባቱ ያለቀ ፊላመንት ይግላል፣ ሜትር ላይም ደህና ይመስላል፣ ቱቦው ግን አይለኮስም። ጫፎቹ በሰፊው ጠቁረው ከሆነ ያ ቅባት መስታወቱ ላይ ተለጥፏል ማለት ነው። እርግጠኛ ለመሆን ሌላ መብራት ላይ የሚሠራ ቱቦ አምጥተው ይሞክሩ፤ አዲስ አይግዙ። ለምን እንደሆነ ቀጥሎ ግልጽ ይሆናል።

4. ባላስቱን ይፈትሹ

የባላስት ጥቅል ሽቦ ሁለት ዓይነት ብልሽት አለው። ቢበጠስ መብራቱ ድምፁን ያጠፋል፣ ብልጭታም የለም። ሌላው በሙቀት ብዛት የሽቦው ልባስ ተቃጥሎ ጥቂት ዙሮች እርስ በርስ መነካካታቸው ነው። በዚህ ጊዜ ኤሌክትሪክ ያልፋል፣ እንዲያውም ከሚገባው በላይ ያልፋል፤ ምት የመስጠት ኃይሉ ግን ይሞታል። ጫፎቹ በመቅላት ፈንታ ነጭ እስኪሆኑ ይግላሉ፣ ብልጭታው ይቀጥላል፣ ቱቦው አይለኮስም። እንዲህ ባለ መብራት ላይ የገባ አዲስ ቱቦ በአጭር ጊዜ ይቃጠላል።

ይህን ብልሽት በኦም ብቻ መያዝ ከባድ ነው። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በአንድ የ36 ዋት መብራት ላይ በአንድ ሳምንት ሁለት ቱቦ ተቃጥሏል፣ ስታርተሩም ተቀይሯል፣ ብልጭታው ግን አለ። ባላስቱ ሲለካ 28 ኦም ይላል። አጠገቡ ካለው ጤናማ መብራት የወጣው ተመሳሳይ ባላስት 31 ኦም ነው። ልዩነቱ ሦስት ኦም ብቻ ስለሆነ «ደህና ነው» የሚያስብል ነው።

አሁን እያንዳንዱን ባላስት በተራ ከ100 ዋት ባለ ክር አምፖል ጋር በተከታታይ ያገናኙና 220 ቮልት ይስጡ። በጤናማው አምፖሉ በግልጽ ይደበዝዛል፤ በባላስቱ ሁለት ጫፎች መካከል ሲለካ 145 ቮልት ይነበባል። በተጠረጠረው ግን አምፖሉ ቀጥታ የተገናኘ ያህል ይበራል፣ ባላስቱ ላይ የሚነበበው 60 ቮልት ብቻ ነው። ጥቂት ዙሮች ሲነካኩ የሽቦው ርዝመት ብዙም አይቀንስም፣ ስለዚህ ኦሙ አይናገርም፤ ተለዋዋጩን ኤሌክትሪክ የሚያግደው ማግኔት ግን ይፈርሳል። የአምፖሉ ፈተና የሚይዘው ይህንን ነው። በ100 ዋት ፈንታ የ40 ዋት አምፖል ከተጠቀሙ የሁለቱ ልዩነት እምብዛም አይታይም። የባላስቱንና የአምፖሉን ቮልት ደምረው 220 ካልመጣ ደግሞ አይገረሙ፤ በጥቅል ሽቦ ላይ ሁለቱ በቀጥታ አይደመሩም።

ባላስቱ ከተቀየረ በላዩ የተጻፈው ዋት ከቱቦው ጋር አንድ መሆኑን ያረጋግጡ። በአሮጌው ባላስት ስር ነጭ ሆኖ የጋለ ቱቦ ለጊዜው ቢበራም ፊላመንቱ ተጎድቷል፣ አብሮ መለወጥ አለበት። ስታርተሩም እንዲሁ፤ ለሰዓታት ሲነካካ የቆየ ብረት በቅርቡ ይጣበቃል።