ታፔላውን አነበቡት ወይስ ቦታውን አወቁት? በጎልማሶች ፈተና የሚደጋገሙ ስህተቶች

በተግባር ተኮር የጎልማሶች ትምህርት ፈተናው ከዕለት ኑሮ ይወጣል። የመኪና ታፔላ ይነበባል፤ ደረሰኝም ይታያል። አዳዲስ አመቻቾች ግን ያንኑ ስህተት ሲደግሙ አያለሁ። እኔም ፈጽሜዋለሁ።

የለመዱትን ታፔላ ማስነበብ። ተማሪዎቼን ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ወስጄ «ደብረ ሲና የሚሄደውን መኪና አሳዩኝ» አልኳቸው። ሁሉም አሳዩኝ፤ ሁሉንም አሳለፍኳቸው። በኋላ አንዲት እናትን «እትዬ፣ በምን ለዩት?» ብላቸው «ልጄ፣ እሱ ሁልጊዜ ከዚያ ጥግ ነው የሚቆመው፤ ረዳቱስ እየጠራ አይደል?» አሉኝ። ለካ የፈተንኩት ንባባቸውን ሳይሆን የመንገድ ልምዳቸውን ነው! ማንበብ ችለዋል ብለን ያሳለፍናቸው ሰው ወደማያውቁት መናኸሪያ ሲሄዱ ምን ይሆናሉ? ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ ፈተናውን ከመናኸሪያው አውጡት። ስሞቹን በአንድ ዓይነት ካርቶን ላይ፣ በአንድ ቀለምና በእኩል መጠን ጻፉ። አመራረጡ ላይ ተጠንቀቁ፤ ደብረ ሲናን ከአዲስ አበባ ጋር ብቻ ካስቀመጣችሁ «ደብረ» የሚለውን ቅርጽ የያዘ ሁሉ ያልፋል። እኔ ደብረ ሲናን ከደብረ ብርሃን፣ ከደብረ ማርቆስና ከደብረ ታቦር ጋር ቀላቅዬ እንደገና ስፈትን ብዙዎቹ መጀመሪያ እጃቸው የገባውን ካርቶን አነሱ። ሁለተኛውን ቃል ገና አያነቡም ነበር። ቀጥሎ ሞላሌንና መሀል ሜዳን አቅርቡ። እነዚህን የሚያምታታ ሰው የ«መ»ን ቤት ያውቃል፤ «ሞ»ን ከ«መ» መለየት ግን ይቀረዋል። ሰላ ድንጋይንና ሸዋ ሮቢትን የሚያምታታ ደግሞ በ«ሸ» አናት ላይ ያለችውን ሰረዝ አላያትም። ለዚህ ነው «አልቻለም» ብሎ ማለፍ የማይበቃው፤ የትኛውን ካርቶን እንዳነሳ መዝግቡ።

ከደረሰኝ ላይ ድምሩን ብቻ መጠየቅ። ገበያ የኖረ ሰው ከታች ያለው ቁጥር ድምር እንደሆነ ያውቃል፤ አንድም ቃል ሳያነብ ይመልሳል። በእጅ የተጻፈ ደረሰኝ አዘጋጁና ስህተት ክተቱበት። «ሳሙና፣ ብዛት 3፣ የአንዱ ዋጋ 40፣ ጠቅላላ ዋጋ 120» ብላችሁ ጻፉ፤ ከጎኑ ሁለት ሳሙና ብቻ አስቀምጡ። ከሥሩም ስኳርና ሻማ ጨምሩ፤ እነሱ ግን በትክክል ይቅረቡ። ከዚያ «ያልወሰዳችሁትን ያስከፈሏችሁ በየትኛው ዕቃ ላይ ነው?» በሉ። መልሱ ላይ ለመድረስ የዕቃውን ስም አንብቦ «ብዛት» የሚለውን ዓምድ ማግኘት የግድ ነው። ቁጥሩ ትንሽ ይሁን፤ ሒሳብ ሲከብድ የወደቀው ንባብ ይሁን ስሌት አይታወቅም።

በጓደኞቻቸው ፊት መፈተን። ፊተኛው የመለሰውን ኋለኛው ይደግመዋል፤ አንድ በአንድ እየጠራችሁ ፈትኑ።

ዓይንን መርሳት። ከአርባ ዓመት በላይ የሆነ ሰው የቅርቡን ነገር ማየት ሊያዳግተው ይችላል። ደረሰኙን ክንዱን ዘርግቶ ከያዘ፣ ያንኑ ጽሑፍ በትልቁ ጻፉለት። ያን ጊዜ ካነበበው፣ የሚያስፈልገው መነጽር ነው።