ሴፕቲክ ታንኩ ተመጥጦ በሳምንቱ ለምን ይሞላል?

ችግሩን የሚነግሩኝ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ይላሉ፦ «መኪና ጠርተን አስመጠጥን፣ ሳምንት ሳይሞላው ጉድጓዱ ሞላ።» ቀጥለውም ታንኩን ማስፋት እንደሚፈልጉ ይነግሩኛል። ቆይ፣ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ክዳኑን ክፈቱ።

ሴፕቲክ ታንክ ሁልጊዜ ሙሉ ነው። ሥራው ቆሻሻውን ከታች ማስቀረት፣ ውሃውን ደግሞ ወደ ማስረጊያው ጉድጓድ ማሳለፍ ነው። ስለዚህ ከተመጠጠ በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ እስከ መውጫው ቱቦ መሙላቱ ጤናማ ነው። መታየት ያለበት ውሃው ከመውጫው ቱቦ አንጻር የት ላይ እንደቆመ ነው።

ስትከፍቱ ራቅ ብላችሁ አየር ይውጣ። ሲጋራም ክብሪትም አይቅረብ። ማንም ሰው፣ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን፣ ወደ ውስጥ አይግባ። ጋዙ ሰው ይገድላል።

ውሃው ልክ በመውጫው ቱቦ የታች ጠርዝ ላይ ከቆመና መጸዳጃ ቤቱ ግን ወደ ኋላ የሚመልስ ከሆነ፣ ታንኩም ማስረጊያውም ደህና ናቸው። ጥፋቱ ከቤት እስከ ታንኩ ባለው መስመር ላይ ነው። 110 ሚሊ ሜትር ቱቦ በየሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል መውረድ አለበት። መስመሩ 12 ሜትር ከሆነ ጠቅላላ መውረጃው 24 ሳንቲ ሜትር ነው። በውሃ ልክ ጎማ ለኩት። አንድ ቦታ የተሞላ አፈር ሰምጦ ቱቦው ሆድ ካበጀ ቆሻሻው እዚያ ይተኛል። በ90 ዲግሪ ጎሜቶ የታጠፈ ቦታ ካለ በሁለት 45 ዲግሪ ቀይሩትና መታጠፊያው ላይ ማንሆል ሥሩ። የታንኩ መግቢያም ከመውጫው ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማለት አለበት። ግንበኛ ሁለቱን አገላብጦ የሠራበት ቤት አጋጥሞኛል፤ ውሃው ቱቦው ውስጥ ተኝቶ ነበር።

ውሃው ከመውጫው ቱቦ በላይ ከወጣ ግን ታንኩን ማስፋት ምንም አይፈይድም። አብዛኛውን ጊዜ ማስረጊያው እምቢ ብሏል ማለት ነው።

ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ፣ ጥቁር ኮትቻ አፈር ላይ ያለ አንድ ቤት ላስላላችሁ። 8 ሰው ይኖርበታል። አንድ ሰው በቀን 80 ሊትር ቢለቅ 640 ሊትር ነው። ለታንኩ የሁለት ቀን ውሃ፣ 1,280 ሊትር፣ እንይዛለን። ዝቃጩ በሰው በዓመት 40 ሊትር ቢሆንና በየ3 ዓመቱ ቢመጠጥ 960 ሊትር ይጨመራል። ድምሩ 2,240 ሊትር ነው። የነበረው ታንክ ርዝመቱ 2፣ ወርዱ 1፣ የውሃው ጥልቀት 1.2 ሜትር ነው። ይህ 2,400 ሊትር ስለሚይዝ በቂ ነው።

ማስረጊያው ክብ ሆኖ ወርዱ 1.5 ሜትር፣ ከመግቢያው በታች ያለው ጥልቀት 2.5 ሜትር ነው። ወለሉ በዝቃጭ ስለሚደፈን የሚቆጠረው ግድግዳው ብቻ ነው፤ እሱም 12 ካሬ ሜትር ያህል ነው። ኮትቻ በካሬ ሜትር በቀን 10 ሊትር ቢያሰርግ 120 ሊትር ይሆናል። የቀረው 520 ሊትር በየቀኑ ይጠራቀማል። 4,400 ሊትር የሚይዝ ባዶ ጉድጓድ እንኳ በስምንተኛው ወይም በዘጠነኛው ቀን ይሞላል። ክረምት ሲገባ አፈሩ ራሱ ስለሚጠግብ ይብሳል። ከዚህ ላይ ግድግዳው በሲሚንቶ ከተለሰነ ጨርሶ አያሰርግም። ግድግዳው ያለ ሲሚንቶ በድንጋይ መደርደር አለበት፤ ሲሚንቶ የሚያስፈልገው ላይኛውን ጫፍ ለመያዝ ብቻ ነው።

መፍትሄው ከኮትቻው በታች ያለውን አፈር ማየት ነው። የሙከራ ጉድጓድ አስቆፍሩ። ጠጠራማ ወይም አሸዋማ አፈር ከተገኘ እዚያው ወለሉ ላይ 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ትንሽ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ሌሊቱን ውሃ አጠጡት። ጠዋት ሞልታችሁ ለኩ። ውሃው 2.5 ሳንቲ ሜትር ለመውረድ ከአንድ ሰዓት በላይ ከወሰደ ማስረጊያ እዚያ አይሠራም። ያኔ አንዱ ምርጫ ውሃ የማያሳልፍ ማጠራቀሚያ ሠርቶ በየጊዜው ማስመጠጥ ነው።

እዚያ ቤት 3 ሜትር ላይ በካሬ ሜትር በቀን 30 ሊትር የሚያሰርግ አፈር ቢገኝ፣ 640ን ለ30 ስናካፍል 21 ካሬ ሜትር ግድግዳ ያስፈልጋል። ወርዳቸው 2 ሜትር የሆኑ ሁለት ክብ ጉድጓዶች እያንዳንዳቸው ጥሩው አፈር ውስጥ 1.7 ሜትር ቢገቡ ይበቃል። በመካከላቸው 6 ሜትር ይኑር። የከርሰ ምድር ውሃ ከወለላቸው ቢያንስ 2 ሜትር ይራቅ፤ የመጠጥ ውሃ ጉድጓድ ካለም 30 ሜትር ይራቅ። የጣሪያ ውሃ በፍጹም እዚህ አይገባም።

ሌላም ምልክት አለ። ማስረጊያው ውስጥ ጥቁር ዝቃጭ ካያችሁ ታንኩ አላጣራም ማለት ነው። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ መውጫው ላይ ቲ ቱቦ አለመኖሩ ነው። የቲው እግር ከውሃው ፊት 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ይጥለቅ፤ ያኔ ላይ የተንሳፈፈው ስብ አያልፍም። ይህን ሳታስተካክሉ አዲስ ጉድጓድ ብትቆፍሩ እሱም ይደፈናል።

አሮጌውን ማስረጊያ አትድፈኑት። ካስመጠጣችሁት በኋላ ለጥቂት ወራት ደርቆ ይረፍ። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ዝቃጭ ሲደርቅ መጠነኛ የማስረግ አቅም ይመለስለታል፤ በማከፋፈያ ማንሆል አያይዛችሁት በተጠባባቂነት ያገለግላል።